የክሎስትሪዲየሙ ቱቦህ ልክ ነው፤ ችግሩ ያለው የሱዶሞናሱ ላይ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም የቤቱ ሰዎች። የላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። ታዮግላይኮሌት ብሮዝ ላይ ባክቴሪያ ዘርተን ነበር። ሱዶሞናስ ላይኛው ጫፍ ላይ ብቻ ይበቅላል ተብለን የኔ እስከ ቱቦው ግማሽ ደፈረሰ። ክሎስትሪዲየም ታች ብቻ ይበቅላል ተብለን የኔ ከላይ ትንሽ ብቻ ጥርት ብሎ ቀርቶ ሌላው በሙሉ ደፈረሰ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። በክሎስትሪዲየሙ አትጨነቅ፣ እንደዚያ ነው የሚበቅለው። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ነጠብጣቦቹን ቱቦው ወለል ላይ ስለሚከምራቸው ብዙ ተማሪ "ኦክስጅን የሌለው ወለሉ ላይ ብቻ ነው" ብሎ ይይዛል። በደንብ በተዘጋጀ ቱቦ ውስጥ ግን ኦክስጅን ያለው ከላይ በቀጭኑ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለክሎስትሪዲየም ምቹ ቤት ነው። ስለዚህ የምታነበው ከወለሉ ተነሥተህ ሳይሆን ከላይ ያለው ሮዝ ቀለም ከሚያልቅበት መስመር ተነሥተህ ነው።

ሮዙ ከየት እንደሚመጣ ካወቅህ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ብሮዙ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይታገላሉ። አየር ከላይ ያለማቋረጥ ይገባል፤ ሶዲየም ታዮግላይኮሌቱና ሲስቲኑ (በሊትር 0.5 ግራም፣ 0.5 ግራም ናቸው) የገባውን ኦክስጅን ይበሉታል። በሊትር 0.75 ግራም የምትሆን አጋርም አለችበት። ይህች አጋር ሚዲያውን ለማርጋት አትበቃም፣ ግን ፈሳሹ ከላይ ወደ ታች እንዳይገላበጥ ትይዘዋለች፤ ኦክስጅኑ ቀስ እያለ በራሱ መስረግ ብቻ ነው የሚችለው። ሬሳዙሪን የሚባለው ቀለም ደግሞ ኦክስጅን ባለበት ሮዝ ይሆናል፣ በሌለበት ቀለም አልባ። ሮዙ የሚያልቅበት መስመር ኦክስጅኑ የተሸነፈበት ቦታ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሱዶሞናስህ። ከመዝራትህ በፊት ሮዙ ምን ያህል ወርዶ ነበር? አላየሁትም ካልክ አልፈርድብህም፣ እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አላየሁም። ቱቦዎቹን "እንዳይበላሹ" ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ፣ በማግሥቱ አውጥቼ ዘራሁባቸው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብዙ አየር ይይዛል፤ ሮዙ እስከ ግማሽ ወርዶ ነበር፣ እኔ ግን የሚዲያው መልክ መስሎኝ ዝም አልኩ። ሱዶሞናሱ ሮዙን ተከትሎ ወረደ፣ እኔም "ፋካልታቲቭ"፣ ማለትም ኦክስጅን ኖረም አልኖረም የሚበቅል፣ ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ ወረቀቱን መልሳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ያልተዘራበት ቱቦህ የት አለ?" አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። ቱቦዎቹን ከብርሃን ሸሽጌ በክፍል ሙቀት አስቀምጣለሁ። ሮዙ ከላይኛው አንድ ሦስተኛ ካለፈ ክዳኑን ላላ አድርጌ፣ ሮዙ እስኪጠፋ የፈላ ውኃ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ ክዳኑን አጥብቄ ቶሎ አቀዘቅዘዋለሁ። ይህ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደጋግመህ ብታፈላው ባክቴሪያን የሚጎዱ ነገሮች ስለሚፈጠሩ፣ ሮዙ ድጋሚ ከአንድ ሦስተኛ ያለፈውን መድፋት ነው። (አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ "አይበቃም" የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። ይበቃል። አየሩን የሚያስወጣው መፍላቱ ነው።) ልዘራ ስል የሮዙን ታችኛ ጠርዝ በማርከር መስታወቱ ላይ አሰምርበታለሁ። ይህን የማደርገው ባክቴሪያው ራሱ ኦክስጅኑን ሲጨርሰው ሮዙ ስለሚጠፋ ነው፤ በማግሥቱ የኢ. ኮላይን ቱቦ ብታይ ሮዝ ላታገኝ ትችላለህ፣ ያኔ ማነጻጸሪያህ ያ መስመር ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ደግሞ ሳልዘራበት አብሮ ኢንኩቤተር ይገባል።

አዘራሩም ያሳስታል። አጋሯ ሕዋሳቱን ባስቀመጥካቸው ቦታ ስለምትይዛቸው፣ ላይ ላዩን ብቻ ከነካህ የማይንቀሳቀስ ባክቴሪያ ሁሉ ኤሮብ ሊመስልህ ይችላል። ጥቂት ወስደህ ሉፑን እስከ ወለሉ አውርደህ ቀስ ብለህ አውጣው። ቱቦውን ከናጥከው ግን አየሩን ራስህ አስገባኸው። ለማንበብ ስታወጣውም አትነቅንቀው፤ ከኢንኩቤተር እስከ ጠረጴዛ ሲወዛወዝ የተበላሸ ንባብ ብዙ አይቻለሁ።

ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ራሱም ለዚህ ማሳያ የተመረጠ ምርጥ ባክቴሪያ አይመስለኝም። ናይትሬት ካገኘ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ይችላል። ኦክስጅን የግድ የሚለውን ባክቴሪያ ማየት ከፈለግህ ማይክሮኮከስ ሉቴየስ ይሻላል፤ ከላይ ቀጭን ሽፋን ሠርቶ ይቀመጣል።

ተማሪን ይበልጥ የሚያደናግረው በኢ. ኮላይና በስትሬፕቶኮከስ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሁለቱም ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ያደፈርሱታል። ኢ. ኮላይ ኦክስጅን ሲያገኝ ይተነፍስበታል፣ ከአንድ ግሉኮስ ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ ሲያጣ በፈርሜንቴሽን ይኖራል። ስለዚህ ከላይ ወፈር ይላል። ስትሬፕቶኮከስ ግን ኦክስጅን ኖረም አልኖረም ፈርሜንቴሽን ነው ሥራው፤ ኦክስጅኑ አይጠቅመውም፣ አይገድለውምም። ስለዚህ ድፍርሱ ወጥ ነው። በዓይን መለየት ካቃተህ ካታሌዝ ሥራ፦ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ ኢ. ኮላይ አረፋ ያወጣል፣ ስትሬፕቶኮከስ አያወጣም። ከብለድ አጋር ስትወስድ ግን ደሙን እንዳትነካ፣ ቀይ የደም ሕዋስም ካታሌዝ አለው።

አናኤሮቦቹ ለምን ይሞታሉ ለሚለው የተለመደው መልስ "ካታሌዝና ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ ስለሌላቸው" ነው። ግማሹ እውነት ነው። ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ ሁለቱም አሉት፣ አየር ላይ ለሰዓታት ሊቆይም ይችላል፣ ግን አይራባም። መቆየትና ማደግ የተለያዩ ናቸው፤ ቱቦው የሚያሳይህ ማደግን ብቻ ነው።

ለዚህም ነው በታዮግላይኮሌት ብሮዝ (በታዮ) ብቻ "አናኤሮብ ነው" ተብሎ የማይጻፈው። አንድ ጊዜ ከፈነዳ ትርፍ አንጀት የተወሰደ መግል መጣልን። ስላይዱ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ግራም ኔጌቲቭ ዘንጎች ነበሩ፣ አየር ላይ የተቀመጠው ፕሌት ግን ኢ. ኮላይ ብቻ አበቀለ። ታዮው ከላይ እስከ ታች ደፍርሷል፤ በዓይን ኢ. ኮላይ ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ከቱቦው ጥልቅ ክፍል በፓስተር ፒፔት ወስደን ስላይድ ሠራን፣ ቀጭኑና ፈዘዝ ብሎ የተቀለመው ዘንግ አሁንም አለ። ከዚያው ጠብታ አንድ ቸኮሌት አጋር 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ፣ አንድ ብለድ አጋር አናኤሮቢክ ጃር ውስጥ አስገባን። ከ48 ሰዓት በኋላ ጃሩ ውስጥ ከኢ. ኮላይ ጎን ሌላ ትንሽ ኮሎኒ ተገኘ። እሱን ለይተን እንደገና በሁለቱም ስንዘራው ጃር ውስጥ ብቻ በቀለ፣ 5 ማይክሮግራም ሜትሮኒዳዞል ዲስክ ዙሪያም ጠራ። ያኔ ነው አናኤሮብ ብለን የጻፍነው።

አንተም ሱዶሞናሱን ድገመው፤ ማርከርና ያልተዘራ ቱቦ አትርሳ፣ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ አንብበው። ሮዙ አጭር ሆኖ ድፍርሱ አሁንም ግማሽ ከወረደ፣ ሱዶሞናስ ነው የተባልከውን ካልቸር ራሱን ግራም ስቴይንና ኦክሲዴዝ ሠርተህ አጣራው፤ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል።