የዶላር ብድር በብር ገቢ ሲከፈል

«እህቴ ከውጭ አገር 6,000 ዶላር አበደረችኝ። ድሬዳዋ ስፌት ቤት አለኝ፤ ገቢዬ በብር ነው። በየወሩ 200 ዶላር ብከፍል ያዋጣኛል?»

ወንድሜ፣ ወለድ የለውም ብለህ አትዘናጋ። የእኔ ብድርም ወለድ አልነበረውም፤ ያንገዳገደኝ ምንዛሪው ነው።

እኔም እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሱሪ እየሰፋሁ፣ ያንተኑ ያህል ዶላር ከዘመድ ተበድሬ ነበር። ዶላር 57 ብር ሳለ የወሩ ክፍያ 11,400 ብር ነበር። ሱሪ በ600 ብር ስለምሰፋ የ19 ሱሪ ገንዘብ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዓመት ሳይሞላ 120 ተሻገረ። በ120 ስታሰላው ክፍያው 24,000 ብር፣ የ40 ሱሪ ገንዘብ ይሆናል። ደንበኛዬ ግን ደመወዙ በብር ነው፤ የስፌቱን ዋጋ በአንድ ጊዜ እጥፍ ባደርግበት ጨርቁን ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው ቀሪው ዕዳ ነው። የተቀበልኩት በብር 342,000 ነበር። አሥር ወር ከፍዬ 4,000 ዶላር ሲቀረኝ፣ በአዲሱ ምንዛሪ 480,000 ብር ሆነ። እየከፈልኩ ዕዳዬ ከተበደርኩት በለጠ።

ስለዚህ ከእህትህ ጋር አሁኑኑ፣ ምንዛሪው ሳይንቀሳቀስ ተነጋገር። የወሩን ክፍያ በብር ጣሪያ አብጁለት፤ ዶላር ከዚያ ካለፈ የዶላሩ መጠን ይቀንስና ወራቱ ይርዘሙ። ጣሪያው ወርህን ያድናል፤ ዕዳውን ግን አይቀንስም። እህትህ የኪሳራውን ግማሽ ለመሸከም ካልፈቀደች፣ ከ6,000 ዶላሩ ለስፌት ቤትህ የግድ የሚያስፈልግህን ብቻ አስቀርተህ ሌላውን መልስላት።