ለንስሐ አባቴ ብናገር ይበቃል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዓርብ የፍሪጁን ሙቀት ሳላይ ወጣሁ። ሰኞ ስገባ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ያሳያል። ደንግጬ መመዝገቢያው ላይ 4 ብዬ ጻፍኩ፤ የቅዳሜና የእሁዱንም ሞላሁ። ከዚያ ክትባት ገና ለልጅ አልተሰጠም። እባረራለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ለንስሐ አባቴ ብናዘዝ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እህቴ። መጀመሪያ ለኃላፊሽ ንገሪ፤ ከዚያ ለንስሐ አባትሽ። ንስሐ አባት የሰሙትን ለማንም አያወጡም። ለእርሳቸው ብቻ ከነገርሽ ብልቃጦቹ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ይቆዩና በሚቀጥለው የክትባት ቀን ይሰጣሉ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ፔንታቫለንትና የቴታነስ ክትባት አንዴ በረዶ ከመታቸው ኃይላቸውን ያጣሉ። ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ሙቀትን እንጂ በረዶን አያሳይም። እናት ግን «ልጄ ተከትቧል» ብላ ትሄዳለች።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው መጋቢ ከሥራ ሊባረር መሆኑን ሲሰማ «መቆፈር አልችልም፥ መለመንም አፍራለሁ» አለ። ያንቺም ጭንቀት ይኸው ነው። መፍራቱ ኃጢአት አልነበረም። ከፍርሃቱ በኋላ ግን መዝገብ አስለወጠ፤ የመቶ ማድጋ ባለዕዳውን «አምሳ ብለህ ጻፍ» አለው። ጌታው ብልህነቱን ቢያመሰግንም «ዓመፀኛ» የሚለው ስም አልተነሣለትም። አንቺም ዓርብ ሳታዪ መውጣትሽ ቸልተኝነት ነው። 4 ብለሽ መጻፍሽ ግን ሐሰት ነው። ስትናገሪ ሁለቱን አታደባልቂ።

ይህን እንዳነበብሽ ብልቃጦቹን ለይተሽ «አይሰጥ» ብለሽ ጻፊባቸው። አትጣያቸው፤ ይመረመራሉ። ከዚያ ኃላፊሽ ዘንድ ግቢ። «ዓርብ ሳላይ ወጣሁ፤ ሰኞ ከዜሮ በታች አገኘሁት፤ 4 ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው፤ ቅዳሜና እሁድም አልታየም» በይ። በመብራት መጥፋት ወይም በሥራ ብዛት አትጀምሪ። ፍሪጁ ተበላሽቶ ከሆነ እሱም እውነት ነውና በኋላ ንገሪ፤ ያላጠፋሽውንም አትሸከሚ። መዝገቡን በፍሉድ አታጥፊው። ኃላፊሽ እያየ በአንድ መስመር ሰርዘሽ እውነቱን ጻፊና ፈርሚ።

አንዳንዱ «ካልታወቀብኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብሎ ለቅዱስ ገብርኤል ይሳላል። መልአኩን የውሸት ሸሪክ ማድረግ አይሆንም እንዴ? ተስለሽ ከሆነ እሱንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽሚ። እስከዚያው በእንቅልፍ ማጣትሽ ሰዓት መዝሙር 50ን ድገሚ።

ልትባረሪ ትችያለሽ፤ አትባረሪም ብዬ አልዋሽሽም። ንስሐ ከኃጢአት ያነጻል እንጂ ከዲሲፕሊን ክስ አያስመልጥም። ክሱ ከመጣ መልስሽን በጽሑፍ ስጪ። ለኃላፊሽ ከነገርሽው ምንም አትቀንሺ፤ ቅጣት ያቀልልኛል ብለሽም ምንም አትጨምሪ።