ወንፊት ብቻውን ለምን አይበቃም?

«የአፈሩ የወንፊት ምርመራ ከተሠራ በኋላ የአተርበርግ ምርመራ ለምን ያስከፍሉናል? የቅንጣቱ መጠን ከታወቀ አፈሩ ታወቀ አይደል?»

አልታወቀም ወዳጄ። ወንፊት የሚነግርህ መጠኑን ነው፤ ውሃ ሲነካው የሚያመጣውን ጠባይ አይነግርህም፤ እሱን የሚነግርህ አተርበርግ ነው። ከ0.075 ሚ.ሜ. ወንፊት ግማሹና ከዚያ በላይ ካለፈ ደቃቅ አፈር ነው፣ ሲልት ይሁን ሸክላ ግን ገና ነው።

ሁለት ናሙና ውሰድ፣ ሁለቱም 85 በመቶ አልፈዋል። የአንዱ ሊኩዊድ ሊሚት (LL)፣ ማለትም እንደ ፈሳሽ መሆን የሚጀምርበት የውሃ መጠን በመቶኛ፣ 45 ወጣ፤ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ (PI)፣ ማለትም እንደ ሊጥ ሆኖ የሚቆይበት የውሃ ክልል ስፋት፣ 15 ወጣ። ሲልትን ከሸክላ የሚለየው መስመር `PI = 0.73(LL - 20)` ነው፤ በ45 ላይ 18 ገደማ ይሰጣል። 15 ከሱ በታች ስለሆነ አፈሩ ML፣ ሲልት ነው (ብስባሽ ካልበዛበት)። ሌላኛው 95 እና 60 ወጣ። መስመሩ እዚያ 55 ገደማ ነው፣ 60 ያልፈዋል፣ ስለዚህ CH፣ ከፍተኛ ፕላስቲሲቲ ያለው ሸክላ ነው። ቦሌ አካባቢ ክረምት ጫማ ላይ የሚለጠፈው፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ጥቁር አፈር የዚህ ዓይነት ነው፤ ሲያብጥ ቀላል ቤትን ከነመሠረቱ ያነሳል።

አተርበርግም ብቻውን ያሳስታል። የሚሠራው ከ0.425 ሚ.ሜ. ባለፈው ላይ ብቻ ነው። 90 በመቶው ጠጠር ከሆነ፣ በመሃሉ ያለችው ጭቃ ሊሚቷ 80 ብትወጣም ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው ጠጠሩ ነው። ይህን ደግሞ የሚነግርህ ወንፊቱ ነው።