ሳመሪሽን ከስህተትሽ ጻፊ

«በአካውንቲንግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ መጨረሻ ያመጣሁት 47 ነው። ጥያቄ እሠራለሁ፣ የተሳሳትኩትን ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ ሳመሪም ሦስቴ ጽፌያለሁ። ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። ምን ላድርግ?» ከሐዋሳ፣ አቶቴ

የደብተርሽን ፎቶ አየሁት። ጥያቄው ከነምርጫው ተገልብጧል፣ መልሱ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፤ ለምን እንደተሳሳትሽ ግን አንድም ቃል የለም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ማሽን እንይ። ዋጋው 500,000 ብር፣ ሳልቬጅ ቫልዩው 50,000፣ ዕድሜው 5 ዓመት ነው፤ የተጠየቅሽው በደብል ዲክላይኒንግ የ2ኛውን ዓመት ዲፕሪሲዬሽን ነው። 108,000 ብለሽ፣ ከጎኑ «መልስ 120,000» ብለሽ አልፈሻል። 120,000 ሌላ ጥያቄ ላይ ምን ይረባሻል? ወደኋላ ሳሰላው፣ መጀመሪያ 50,000ውን ቀንሰሽ ከ450,000 ላይ ነው 40 በመቶውን መውሰድ የጀመርሽው። የስትሬት ላይን ልማድ ነው። ስለዚህ የሚመዘገበው ይህ ነው፦ «ሳልቬጁን አስቀድሜ ቀነስኩ። በደብል ዲክላይኒንግ መነሻው ሙሉው ዋጋ ነው፤ ሳልቬጁ ማቆሚያ ብቻ ነው።» ማቆሚያነቱም እዚሁ ማሽን ላይ ይታያል። በ4ኛው ዓመት መጨረሻ 64,800 ይቀራል። በ5ኛው 40 በመቶ ብትወስጂ ከ50,000 በታች ትወርጃለሽ፤ ስለዚህ የሚወሰደው 14,800 ብቻ ነው።

ምክንያቱን መልሱን እንዳየሽ ወዲያው ጻፊው፤ ማታ ላይ ምን አስበሽ እንደነበር ይጠፋብሻል። ገምተሽ ያገኘሽውንም መዝግቢ፣ እሱም ያው አለማወቅ ነው። እጅ በእጅ የሚዞሩት የመልስ ወረቀቶች ደግሞ አንዳንዴ ራሳቸው ስለሚሳሳቱ፣ ሳታሰይ ምንም አትመዝግቢ።

አሁን ወደ ሳመሪው። ሦስቴ የጻፍሽው ከሃንድአውቱ እያየሽ ስለሆነ የምታውቂውንም የማታውቂውንም እኩል ገልብጠሻል። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ሃንድአውቱን ዘግተሽ ከስህተት መዝገቡ ብቻ ጻፊ። የሳምንቱን መስመሮች በርዕስ ሰብስቢ፣ ሁለቴና ሦስቴ የተደጋገመውን ከላይ አድርጊ። ከአንድ ቅጠል ወረቀት ካለፈ ጥያቄ እየገለበጥሽ ነው ማለት ነው። «ኤክሴፕት» የሚለውን ሳታዪ የሳትሻቸው ግን ትምህርቱን አለማወቅ ስላልሆኑ እዚያ አይገቡም፤ ለእነሱ ጥያቄ ስታነቢ ቃሏን ማስመር ይበቃል።

መስመሩ ከሳመሪው የሚወጣው በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ በትክክል ስትሠሪው ነው። ያንኑ ጥያቄ ግን አትድገሚው፤ መልሱ «ለ» እንደነበር ዓይንሽ ያስታውሳል። ቁጥሩን ለውጪው፦ ዋጋ 800,000፣ ሳልቬጅ 80,000፣ ዕድሜ 4 ዓመት፣ የ2ኛው ዓመት ዲፕሪሲዬሽን። 200,000 ካመጣሽ አንድ ምልክት አድርጊበት። 180,000 ከወጣ ሳልቬጁን ዛሬም አስቀድመሽ ቀንሰሻል፤ መስመሩ ለሚቀጥለው እሑድ ይተላለፋል።