ከ«መ» የሚጀምሩትን ቃላት ቁጠሩ

ልጆቼ፣

ሲቪያችሁን አውጡና ከስማችሁና ከስልክ ቁጥራችሁ ሥር ያለችውን አጭር አንቀጽ ብቻ አንብቡ። አንዳንዱ ፕሮፋይል ይላታል፣ አንዳንዱ ሰመሪ። በአማርኛ የተጻፈች ከሆነ ከ«መ» ወይም ከ«ማ» የሚጀምሩትን ቃላት ቁጠሩ፦ መመዝገብ፣ ማዘጋጀት፣ መከታተል፣ ማስታረቅ። በእንግሊዝኛ ከሆነች ደግሞ «ሪስፖንሲብል ፎር» የሚለውን ፈልጉ። ሦስት አራት ካገኛችሁ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው።

እነዚህ ቃላት ባለቤት የላቸውም። «መመዝገብ» ሲባል ማን እንደመዘገበ፣ መቼ እንደመዘገበ፣ በትክክል ይመዝግብ አይመዝግብ አይታወቅም። ለሥራ መዘርዝር የሚስማሙትም ለዚሁ ነው፤ መዘርዝሩ የሚጻፈው ሰው ከመቀጠሩ በፊት ነውና የሚናገረው ስለ ወንበሩ ነው። ያንኑ ወደ ሲቪያችሁ ስትገለብጡት ስለ ወንበሩ ጻፋችሁ እንጂ ስለ ራሳችሁ አልጻፋችሁም። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ቀጣሪ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ማስታወቂያውን የጻፈው እሱ ነው።

ነገሩን በአንድ ሙያ ላይ ላሳያችሁ። የግንባታ ዕቃ በጅምላ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ 3 ዓመት የሠራች የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። ሲቪዋ እንዲህ ይጀምራል እንበል፦

«በሒሳብ አያያዝ የ3 ዓመት ልምድ ያለኝ፣ ታታሪ፣ ሥራ ወዳድና በቡድን መሥራት የምችል ባለሙያ ነኝ። የዕለት ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ግብር ማሳወቅ፣ የቅድመ ግብር ደረሰኞችን መከታተል እንዲሁም የሠራተኞችን ደመወዝ ማዘጋጀት ዋና ዋና ሥራዎቼ ነበሩ።»

ውሸት የለበትም። ችግሩ ሥራውን በደንብ የሠራውም፣ አዝረክርኮ የለቀቀውም ሰው ይህንኑ አንቀጽ ሳይለውጥ መጻፍ መቻሉ ነው። «ታታሪ» የሚለውን ደግሞ ሰነፍም ይጽፈዋል።

ለማስተካከል አንቀጹን ወዲያው ለማሳመር አትሞክሩ። ባዶ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን «መ» ለብቻው አውርዱና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ስረከበው በምን ሁኔታ ላይ ነበር? እኔ ምን አደረግሁ? ስለቅ ወይም ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሆኖም ሥራው ውጤት መሆኑ የሚታየው በእሱ ነው። መነሻው ካልታወቀ መድረሻው ምን ያህል እንደራቀ የሚያውቅ የለም።

«የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ» የሚለውን እንውሰድ፤ የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር አመሳክሮ ልዩነቱን መፍታት ማለት ነው። ስትረከብ ድርጅቱ በ4 ባንኮች ሒሳብ ነበረው፤ የ3 ወር ማስታረቂያ አልተሠራም። ደንበኛ ያስገባው ገንዘብ በባንኩ መግለጫ ላይ እያለ በመዝገብ የለም፤ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ተቆርጦ አልተመዘገበም፤ ተጽፈው ገና ያልተመነዘሩ ቼኮችም አሉ። ምን አደረገች? የባንክ መግለጫውን ወሩ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ በየሳምንቱ እያስመጣች፣ ልዩነቱ ትኩስ ሳለ ፈታችው። ውዝፉ በ2 ወር አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ወር ማስታረቂያ በቀጣዩ ወር በ5ኛው ቀን ያልቅ ጀመር። እንግዲህ አንዲቱ «ማስታረቅ» ይህን ሁሉ ደብቃ ኖራለች።

«የቅድመ ግብር ደረሰኞችን መከታተል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሙያው ውስጥ ላልገባችሁ ባጭሩ፦ ገዢው ድርጅት ሲከፍል ከሒሳቡ ላይ ቅድመ ግብር ቀንሶ ያስቀራል፤ ለሻጩም ደረሰኝ መስጠት አለበት። ሻጩ ያን ደረሰኝ ካልያዘ የተቀነሰበትን ገንዘብ ከዓመታዊ ግብሩ ላይ ለማቀናነስ ይቸገራል። ደረሰኙ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ባለሙያችን መዝገቡን ስታገላብጥ ያልመጡ 53 ደረሰኞች አገኘች፤ በደንበኛ ስም ዝርዝር አዘጋጅታ፣ ደውላና በአካል ሄዳ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት 41ዱን ሰበሰበች። 12ቱ ቀርተዋል። የቀሩትን መደበቅ አያስፈልግም፤ «ከ53ቱ 41ዱን» የሚለው «ሁሉንም» ከሚለው ይልቅ ይታመናል፣ ቆጥሮ የሠራ ሰው አነጋገር ነውና።

የዕለት ምዝገባውን ስትጠይቀው ግን የተለወጠ ነገር አጣች። እንደነበረ ተቀብላ እንደነበረ አስረከበች። ይህ አያሳፍርም፤ ከአንቀጿ ውስጥ ግን ይውጣ፣ ዝቅ ብሎ ባለው የሥራ ልምድ ክፍል አንድ መስመር ይበቃዋል። ደመወዙም አልተለወጠም፤ እሱ ግን ስፋት አለው፤ 86 ሠራተኛ፣ በየወሩ፣ ጡረታና የሥራ ግብር ተሰልቶ። ለውጥ በሌለበት ስፋትና ድግግሞሽ ይመሰክራሉ፤ ለስንት ሰው፣ በየስንት ጊዜው፣ ምን ያህል ሳይስተጓጎል።

አሁን አንቀጹን እንጻፍ፦

«በጅምላ ንግድ ሒሳብ የ3 ዓመት ልምድ ያለኝ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የ3 ወር ውዝፍ የነበረበትን የ4 ባንኮች ሒሳብ ማስታረቂያ በ2 ወር አጠናቅቄ፣ ከዚያ ወዲህ በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን እንዲያልቅ አድርጌያለሁ። ከደንበኞች ካልተሰበሰቡ 53 የቅድመ ግብር ደረሰኞች 41ዱን በበጀት ዓመቱ ውስጥ ሰብስቤ ለዓመታዊ ግብር ማቀናነሻ አቅርቤያለሁ። የ86 ሠራተኞችን ደመወዝ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ ባለፉት 2 ዓመታት የክፍያ ቀን አልፎብኝ አያውቅም።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚህ አይርዘም። ግሦቹን ልብ በሉ፦ አጠናቅቄ፣ አድርጌያለሁ፣ ሰብስቤ፣ አቅርቤያለሁ። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በራሱ ውስጥ ስለሚይዝ «እኔ» ማለት ሳያስፈልግ ሰውዬው ይታያል። «ማስታረቂያ»ም «ማቀናነሻ»ም አሁንም ከ«ማ» ይጀምራሉ፤ ግን እነሱ የዕቃው ስም ናቸው፣ ሥራውን የተሸከመው ሌላ ግሥ ነው። ሲቪው በእንግሊዝኛ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ እንዲህ በአማርኛ ጻፉት፣ ነገሩ ሲጠራላችሁ አዙሩት። ያኔ «አይ» የሚለው ተውላጠ ስም ይቀራል፣ ዓረፍተ ነገሩም በኃላፊ ጊዜ ግሥ ይጀምራል፤ «ክሊርድ»፣ «ሪከቨርድ» እንደሚባለው። ዓመተ ምሕረቱንም ወደ ጎርጎርዮሳዊው መለወጥ አትርሱ።

ይህ ምክር ከተለመደ ወዲህ ብዙዎች የሚወድቁበት አዲስ ጉድጓድ አለ፤ ፐርሰንት። «ስህተትን በ50 ፐርሰንት ቀነስኩ» ይላሉ፤ ሲጠየቁ ከ2 ስህተት ወደ 1 ሆኖ ይገኛል። ስሌቱ ልክ ነው፣ የሚፈጥረው ግምት ግን ልክ አይደለም። መነሻው ትንሽ ከሆነ ቁጥሩን ራሱን ጻፉ። መነሻው ትልቅ ሲሆንም ቢሆን ቀጥተኛው ይሻላል፦ የወሩን ሒሳብ መዝጋት ከ18 ቀን ወደ 7 ቀን ወርዶ ከሆነ «በ61 ፐርሰንት» ማለት ይቻላል፤ አንባቢው ግን ቀኑን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ፐርሰንት የሚጠቅመው በተለይ የድርጅቱን ምስጢር ለመጠበቅ ነው። የሽያጭ መጠን፣ የደንበኛ ስም፣ የዕዳ ልክ ሲቪ ላይ አይወጣም። የቀድሞ ቀጣሪውን ገበና የዘረገፈ የአሁኑንም እንደሚዘረግፍ አንባቢው ይጠረጥራል።

ሌላው ጉድጓድ የጋራን ሥራ የግል ማድረግ ነው። አዲስ የሒሳብ ሶፍትዌር ሲገባ አምስት ሰው ከሠራ «አስገባሁ» አይባልም። ይልቅ ድርሻችሁን ለይታችሁ ጻፉ፤ «የዕቃ መነሻ ሒሳቡን ቆጥሬ አስገባሁ» የሚለው ጠባብ ቢሆንም የእናንተ ነው፣ ስትጠየቁም ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ።

ስትጠየቁ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር በቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «በምን ለካችሁት?» የሚል። ስለዚህ አንቀጹን ከጨረሳችሁ በኋላ ሰው ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡና በየቁጥሩ ላይ ይህን ብቻ ይጠይቃችሁ። 53 መሆናቸውን በምን አወቅሽ? «ከሽያጭ መዝገቡ ላይ ቅድመ ግብር የተቀነሰባቸውን ሽያጮች ለይቼ፣ በፋይል ካሉት ደረሰኞች ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ።» ይህ በቂ መልስ ነው። በሁለት ዓረፍተ ነገር ልታስረዱት ያልቻላችሁት ቁጥር ይውጣ። በትክክል የማታስታውሱት ከሆነ «ከ80 በላይ» ማለት ይቻላል፤ ያልቆጠራችሁትን ግን አትፍጠሩ።

ቁጥሩን ከየት እናምጣ ለምትሉ፣ አሁን ሥራ ላይ ከሆናችሁ በእጃችሁ ነው። ማስታረቂያው የተፈረመበት ቀን፣ የግብር ማሳወቂያው የቀረበበት ቀን፣ የደመወዝ መክፈያው ላይ ያለው የሰው ብዛት፣ የውጭ ኦዲተር ባለፈው ዓመት የጻፈውና ዘንድሮ ያልደገመው አስተያየት። ሰነዱን ቤት አትውሰዱ፤ ቁጥሩንና ቀኑን ብቻ በየወሩ መጨረሻ በራሳችሁ ደብተር አስፍሩ። ከለቀቃችሁ በኋላ ግን ይህን ማግኘት ይከብዳል። የሥራ ልምድ ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ መደብን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁና ደመወዝን ነው የሚጽፈው፤ ስለ ውዝፉና ስለ ደረሰኞቹ አይናገርላችሁም። ሲቪያችሁ ላይ ያለው የሥራ መደብና ቀን ግን ከዚያ ወረቀት ጋር አንድ መሆን አለበት። ማስረጃው «ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ» እያለ አንቀጹ «ሲኒየር አካውንታንት» ካለ፣ የተቀረው እውነት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ገና የተመረቃችሁና ሥራ ያልጀመራችሁ፣ ጥያቄዎቹ ለእናንተም ያው ናቸው፤ የምትጠይቁት ግን የተግባር ልምምዱን ወይም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ነው። «በተግባር ልምምድ ወቅት ሰነዶችን ማደራጀት» ከማለት፣ «በ2 ወር የተግባር ልምምድ የ1 ዓመት የወጪ ሰነዶችን በተራ ቁጥር አደራጅቼ፣ የጎደሉትን በዝርዝር አስረክቤያለሁ» በሉ፤ በእርግጥ አድርጋችሁት ከሆነ።

የመጨረሻው ሥራ ማስታወቂያውን አጠገብ አስቀምጦ ዓረፍተ ነገሮቹን በቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። ባለሙያችን ግብር ላይ ያተኮረ ቦታ ስታገኝ የደረሰኞቹን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ቀጥላ ታመጣለች፤ ቦታው የደመወዝ ክፍል ከሆነ 86ቱ ሠራተኞች ይቀድማሉ፣ የባንኩ ነገር ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ እንዲያመቻችሁ በሦስቱ ጥያቄ ያለፉትን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ፣ ስምንትም ይሁኑ አሥር፣ በአንድ ፋይል አኑሯቸው፤ በእያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ የሚወጡት ግን ሦስቱ ወይም አራቱ ብቻ ናቸው።