ሽያጭ ሲያድግ ሠራተኛ መቼ ይቀጠራል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ብስኩት ጋግረንና አሽገን በካርቶን ለሱቆች እናከፋፍላለን። ባለፉት ስድስት ወራት ወርሃዊ ሽያጫችን ከ600,000 ብር ወደ 780,000 ብር አድጓል። ወንድሜ ከሐምሌ ጀምሮ ስድስት ሠራተኞች እንጨምር ይላል። እኔ ደግሞ ደመወዙ እንዳይከብደን ፈርቻለሁ። ስንት ሰው፣ መቼ እንቅጠር?»

መልስ፦ የሚያስፈልግዎት አንድ አሻጊ ብቻ ነው። እርሱንም የሚቀጥሩት ሽያጩ ከታች በምገልጸው ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው።

ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልኝን መዝገብ ይመልከቱት። ከስድስት ወር በፊት 2,400 ካርቶን በ250 ብር ይሸጡ ነበር። ባለፈው መጋቢት የሸጡት 2,600 ካርቶን ነው፤ የአንዱ ዋጋ ግን 300 ብር ሆኗል። በብር ሲሰላ ሽያጩ 30 በመቶ አድጓል፤ በካርቶን ሲሰላ ግን ዕድገቱ ከ8 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ሠራተኛ የሚያሽገው ካርቶን እንጂ ብር አይደለም። ወንድምዎ የሠራተኛውን ቁጥር ከብሩ ጋር እኩል ማሳደግ የፈለጉት ዋጋ በመጨመሩ የመጣውን ገቢ እንደ ሥራ ብዛት ስለቆጠሩት ነው። ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት በዚህ ዘመን ይህን ስሌት ብዙ ድርጅት ውስጥ አየዋለሁ፤ ጉዳቱም ከባድ ስለሆነ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልዎት።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ሥራው የሚጠብበት ቦታ የት እንደሆነ ነው። ምድጃው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ባዶ እንደሚቆም ጽፈዋል። ስለዚህ ጋጋሪ መጨመር ለውጥ አያመጣም። የተጋገረው ብስኩት ተከማችቶ ተራ የሚጠብቀው ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አራቱ አሻጊዎች እያንዳንዳቸው በቀን 30 ካርቶን ያሽጋሉ። በወር 26 የሥራ ቀን ብንይዝ አራቱ አንድ ላይ 3,120 ካርቶን ይሆንላቸዋል። ነገር ግን የዓመት ፈቃድ አለ፣ ሕመም አለ፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ። ለዚህ አንድ አሥረኛውን ቀንሰን 2,800 እንያዝ። ትክክለኛው አቅምዎ ይኸው ነው።

አሁን ከ2,600 ወደ 2,800 ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? በስድስት ወር 200 ካርቶን አድጋችኋል፤ በወር 33 ማለት ነው። በዚህ አካሄድ 2,800 የሚሞላው መስከረም ላይ ነው። ሰው ግን በተፈለገ ዕለት ተገኝቶ በዚያው ዕለት ሙሉ ሥራ አይሠራም። ማስታወቂያ ለማውጣትና ለመምረጥ አንድ ወር፣ እጁ እስኪፈታ ሁለት ወር ይያዝለት። ሦስት ወር ወደኋላ ሲቆጠር ሽያጩ 2,700 ካርቶን የሚሆንበት ሰኔ ይመጣል። እንግዲህ የቅጥር ሰሌዳዎ ላይ «ሐምሌ 1» ብለው አይጻፉ። «ሽያጩ ሁለት ወር በተከታታይ ከ2,700 ካርቶን ሲበልጥ ማስታወቂያ ይወጣል» ብለው ይጻፉ። ሁለተኛውን ወር መጠበቅ ሰሌዳውን በጥቂት ሳምንታት ይገፋዋል፤ ግን የአንድ ወር ግርግር ሰው እንዳያስቀጥርዎት ይጠብቃል። ሽያጩ ከፈጠነ ቅጥሩ ይቀድማል፤ ከዘገየም አብሮ ይዘገያል፤ ማንም አይጎዳም።

የደመወዙ ስሌት የሚከተለው ነው። አዲሱ አሻጊ 6,000 ብር ጥቅል ደመወዝ ቢከፈለው፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ድርጅቱ 11 በመቶ ማለትም 660 ብር መዋጮ ይጨምራል። ወጪው 6,660 ብር ይሆናል። ዱቄት፣ ስኳር፣ ማሸጊያ፣ ኪራይና ያለው ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ በወር 60,000 ብር ገደማ እንደሚተርፍዎት ገልጸዋል። ስድስት ሰው ቢቀጥሩ 39,960 ብር ይወጣል፤ ከትርፉ ሁለት ሦስተኛው ይሄዳል፤ ሽያጩ ግን በእነርሱ ምክንያት አንድ ካርቶን አይጨምርም። አንድ ሰው ሲቀጥሩ የሚወጣው ከትርፉ አንድ ዘጠነኛ ያህል ነው፤ ያ ሰው የሚጨምረው 700 ካርቶን አቅም ደግሞ በአሁኑ የዕድገት ፍጥነት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያቆያችኋል።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ያነሱት የጅግጅጋ ጅምላ ነጋዴ በወር 300 ካርቶን መውሰድ ከጀመረ ግን 2,900 ይደርሳሉ፤ ከአቅም በላይ 100 ካርቶን ይመጣል። ያኔ ድልድይ የሚሆንዎት የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። መቶ ካርቶን 27 የሥራ ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ለአራቱ ሲከፋፈል ለእያንዳንዳቸው በወር ሰባት ሰዓት አይሞላም። የ6,000 ብር ደመወዝ ለ208 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ ሒሳብ 29 ብር ገደማ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው የትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሚከፈል ጠቅላላ ወጪው 1,170 ብር ያህል ይመጣል። አዋጁ ይህን የሚፈቅደው ለአጣዳፊ ሥራና መሰል ምክንያቶች ሲሆን፣ በቀን ከአራት ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስለዚህ ቅጥሩ እስኪጠናቀቅ መሻገሪያ ያድርጉት እንጂ ቋሚ መፍትሔ አያድርጉት። ብዙ ጊዜ የድካሙ ምልክት መጀመሪያ የሚታየው ከሱቅ በሚመለሰው ካርቶን ላይ ነው፤ አፉ በደንብ ያልተዘጋ ፓኬት ከበዛ ሰዎቹ ደክመዋል።

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ የቤት ዕቃ መደብር አለኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ልቀጥር ስደራደር በእጅ የሚደርስ 8,000 ብር ተስማማን። በበጀቴ ላይ 8,000 ብዬ ያዝኩ። ልክ ነኝ?»

መልስ፦ አይደሉም፤ በበጀትዎ ላይ መያዝ ያለብዎት 11,717 ብር ነው። ግብሩንና የሠራተኛዋን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ እርስዎ ለመሸፈን ተስማምተዋል ማለት ነውና ወደ ጥቅሉ መመለስ አለብዎት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ደመወዝ 30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ ከ8,000 ላይ 1,350 ቀንሰው ቀሪውን፣ ከመቶ 30ና 7 ሲቀነስ ለሚቀረው 0.63 ያካፍሉ፤ ጥቅሉ 10,556 ብር ይመጣል። መልሰው ይፈትኑት፦ ግብሩ 1,817፣ የእርሷ መዋጮ 739፣ በእጇ የሚደርሰው 8,000። በጥቅሉ ላይ የእርስዎ 11 በመቶ 1,161 ብር ሲታከል 11,717 ይሆናል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ ነው። በእጅ 1,000 ብር ልጨምርላት ቢሉ ከካዝናዎ የሚወጣው 1,762 ብር ገደማ ነው። የሁለት ዓመት የደመወዝ ትንበያ በተጣራ ደመወዝ ሲሠራ ጉድለቱ በየጭማሪው እየሰፋ ይሄዳል። ውሉን አሁኑኑ በጥቅል ደመወዝ ቢያስተካክሉትና ለሠራተኛዋም ስሌቱን ቁጭ ብለው ቢያሳዩአት ለሁለታችሁም ይበጃል። እርሷም የሒሳብ ሰው ናት፤ አይከብዳትም።

ጥያቄ፦ «ሐረር ጀጎል ውስጥ በጥንታዊ የሐረሪ ቤት የእንግዳ ማረፊያ አለን። ለሹዋሊድ እንግዳ ይበዛል፤ አምና አንድ ሠራተኛ ቀጥረን ከበዓሉ በኋላ ሥራ ፈታችብን። ዘንድሮ ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ለሥራው ቆይታ የሚመጥን የተወሰነ ጊዜ ውል ይጻፉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራው ብዛት ለጊዜው ሲጨምር ወይም ሥራው ወቅታዊ ሲሆን ይህን ይፈቅዳል። የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ምክንያቱንም በውሉ ላይ በግልጽ ያስፍሩ። በዓሉ አልፎ ሠራተኛዋ እንደወትሮው ሥራ ከቀጠለች ግን ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ሊቆጠር ይችላልና ቀኑን ይጠብቁ።

ከሕጉ ባሻገር ዕቅድ ላይ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሹዋሊድ የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ሲጠናቀቅ ስለሚከበር በሂጅራ አቆጣጠር ነው የሚመጣው፤ በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል። የአምናውን የገቢ ሰንጠረዥ በወር ገልብጠው ዘንድሮ ላይ ከለጠፉ ሠራተኛዋ የምትመጣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ይሆናል። የእንግዳውን ቁጥር ከበዓሉ ቀን ወደኋላና ወደፊት በሳምንት ቆጥረው ይያዙት። አልጋ አንጣፊዋም ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትግባ፤ የቤቱን ደረጃዎችና የመደቦቹን ምንጣፎች አያያዝ እንግዳ በሌለበት ነው መልመድ የሚቻለው።

ጥያቄ፦ «በወርሃዊ ትንበያ ላይ ጳጉሜን የት ላስገባት?»

መልስ፦ ከነሐሴ ጋር ይደምሯት። ደመወዝ በተለምዶ 12 ጊዜ ሲከፈል ጳጉሜን ሽያጭ ብቻ ይኖራታል፤ ለብቻዋ ከተቀመጠች በግራፉ ላይ ሽያጩ የወደቀ ይመስላል። ከነሐሴ ጋር ስትደመር ደግሞ ወሩ ያደገ እንዳይመስልዎት በሥራ ቀን ቁጥር አካፍለው ያነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ የቀለም ማከፋፈያ አለን። በሽያጩ ተማምነን ሁለት ሰው ቀጠርን፤ ከዚያ ሽያጩ ወረደ። የሙከራ ጊዜያቸው አላለቀም፤ በዚያ ምክንያት ላሰናብታቸው?»

መልስ፦ በዚያ ምክንያት አያሰናብቱ። አዋጁ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ የሰጠው ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ መሆኑ እንዲፈተሽበት ነው። የእርስዎ ችግር ገበያው ነው፤ ሰዎቹ ሥራቸውን ከቻሉ ተስማሚ አይደሉም ብሎ መጻፍ እውነት አይሆንም፤ ክርክር ቢነሳም አያዋጣዎትም።

መጀመሪያ የትርፍ ሰዓት ሥራን ያቁሙ። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ካለ ቦታውን በአዲሶቹ ይሙሉ። ዓመት የሞላቸው ነባር ሠራተኞች የዓመት ፈቃዳቸውን፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የሆነውን፣ በዚህ ቀዝቃዛ ወቅት እንዲወስዱ ፕሮግራም ያውጡ፤ ገበያ ሲነሳ ሁሉም በቦታው ይገኛል። ሕጋዊ ቅነሳ ላይ ከደረሱ ማስጠንቀቂያና የሥራ ስንብት ክፍያ ይከተላሉ። ስንብቱ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ስለሆነ ለ6,000 ብር ደመወዝተኛ በየወሩ 500 ብር ለብቻው ያስቀምጡ። ለወደፊቱም በትንበያዎ ላይ «ሽያጩ ባለበት ቢቆምስ?» የሚል ሁለተኛ ዓምድ ይጨምሩና፣ አዲሱ ደመወዝ ሽያጩ ሳይጨምር ለሦስት ወር መከፈል የማይችል ከሆነ ማስታወቂያውን አያውጡ።