ፈረቃው ሊያልቅ ሲል የሚበዛ ስህተት፦ ፍተሻው በየስንት ፎርም ይሁን?

ጥያቄ፦ «በወረቀት የተሞሉ ፎርሞችን ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነኝ፤ የፈረቃው የመጨረሻ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ጭንቅላቴ ይደነዝዛል፣ ቁጥር አገላብጣለሁ፣ መስመር እዘላለሁ። ሁሉንም መጨረሻ ላይ ልፈትሽ ብል ዓይኔ ያልፈዋል። በየስንት ልፈትሽ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ የመጨረሻውን ትልቅ ፍተሻ ተዪው። ከሁሉ የበለጠ ንቃት የሚፈልገውን ሥራ ከሁሉ ለደከመው ዓይን ነው የሚሰጠው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ነገር አፍጥጦ መጠበቅ የሰው አእምሮ ቶሎ የሚሰለቸው ሥራ ነው። ኖርማን ማክወርዝ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በሰሌዳ ላይ እየዘለለች የምትዞር ቀስት አንዳንዴ እጥፍ ስትዘል እንዲጠቁሙ አድርጎ ነበር። የመያዝ ችሎታቸው ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወረደ። 300 ፎርም በተርታ መፈተሽም ከዚያ ብዙም አይለይም፤ ስህተቱ ጥቂት፣ የሚታየው ብዙ ነው።

አንቺ የጠቀስሻቸው ሁለቱ ስህተቶች የተለያየ ምንጭ አላቸው። ሲለመድ እጅ ከዓይን ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዓይን ሦስት አራት አሃዝ አንብቦ ያልፋል፣ እጅ ደግሞ ከትዝታ ይጽፋል። ሲደክምሽ አሃዞቹ አይጠፉም፣ ቅደም ተከተላቸው ነው የሚላላው። መገላበጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። መስመር መዝለል ግን ዓይን ከስክሪኑ ወደ ወረቀቱ ሲመለስ የት እንደነበረ ሲያጣ የሚፈጠር ነው። ለእሱ ከፍተሻ ይልቅ ማስመሪያ ይሻላል፤ የምትጽፊው መስመር ሥር አድርገሽ እያወረድሽ ብትሄጂ አብዛኛው ይጠፋል።

ወደ ክፍተቱ ልምጣ። በሰዓት 40 ፎርም፣ በፈረቃው 8 የሥራ ሰዓት አለ እንበል። መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያዎቹን 5 ፎርሞች ሙሉ በሙሉ አመሳክሪ፤ የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ወይም ኮድ ይዘሽ ከጀመርሽ ቀኑን ሙሉ ይከተልሻልና። ከዚያ እስከ 4ኛው ሰዓት ድረስ በየ40ው ይበቃል። በ5ኛውና በ6ኛው ሰዓት በየ20ው፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት በየ10ሩ አድርጊው። በየ10ሩ ሲሆን ስህተት ቢገኝ እንኳ ወደ ኋላ የምታገላብጪው ቢበዛ 10 ወረቀት ነው። ጊዜ ይበላል የሚለው ስጋት ደግሞ የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ የሚፈተሹት ፎርሞች ቁጥር ያው ነው፣ የሚጨመረው መቆሚያው ብቻ ነው። መቆሚያውም ዓይን ከስክሪን የሚነሳበት ነው፣ ኪሳራ አልለውም። ከዚህ በታች ግን አትውረጂ። በየ3ቱ የሚደረግ ፍተሻ ራሱ ልማድ ይሆንና እጅ «ትክክል» እያለ ያልፈዋል።

ፍተሻው እያንዳንዱን መስመር እንደገና ማንበብ አይደለም። የጻፍሽውን ስታነቢ ማየት የጠበቅሽውን ነው የምታይው። በሌላ መንገድ መምጣት አለብሽ። ከወረቀቶቹ ላይ የገንዘቡን ዓምድ በሂሳብ ማሽን ደምሪ፤ ስክሪን ላይ ኤክሴል የደመረውን ከእሱ ጋር አስተያዪ። ገንዘቡ E ዓምድ ላይ ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 መስመሮች፦

```
=SUM(E2:E11)
```

በሁለት ፍተሻ መካከል የሚገቡትን ፎርሞች እሽግ እንበላቸው። በ7ኛው ሰዓት ላይ የአንዱ እሽግ ድምር ከወረቀት 18,463 መጣ፣ ስክሪኑ 18,733 አለ እንበል። ልዩነቱ 270 ነው። 270 ለ9 ሲካፈል 30 ይደርሳል፣ ቀሪ የለውም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲገለበጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 እኩል ይካፈላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥርጣሬ መገላበጥ ነው። 30 ሲሆን ደግሞ ቦታውን ይነግርሻል፦ የመቶና የአሥር ቤት ተለዋውጠዋል፣ በሁለቱ አሃዞች መካከልም ያለው ልዩነት 3 ነው። ስክሪኑ የበለጠ ስለሆነ፣ የመቶ ቤቱ ከአሥር ቤቱ በ3 የሚበልጥበትን መስመር ፈልጊ። 1,740 ተጽፎ ካገኘሽ ወረቀቱን እይ፤ 1,470 ሊሆን ይችላል። አሥሩንም ሳታነቢ አንድ ሁለት መስመር ላይ ደረስሽ ማለት ነው። ልዩነቱ ለ9 ካልተካፈለ ግን ጎን ለጎን የሆነ አንድ መገላበጥ አይደለም። ከልዩነቱ ጋር እኩል የሆነ መጠን ያለው ፎርም ካለ ተዘሎ ወይም ሁለት ጊዜ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ድምር የማይዘውን ማወቅም ያስፈልጋል። ገንዘቡ ልክ ሆኖ ስሞቹ አንድ መስመር ወደ ታች ቢንሸራተቱ ድምሩ አይነቃነቅም፤ የአንዱ ገንዘብ በሌላው ስም ይቀመጣል። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር «ልክ» ይመስላል። ስለዚህ ከድምሩ በኋላ የእሽጉን የመጨረሻ ወረቀት አንሺ፤ የፎርሙ ቁጥር፣ ስሙና ገንዘቡ በስክሪኑ የመጨረሻ መስመር ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ? የፎርም ቁጥሮቹንም እንደ ገንዘብ ደምረሽ ማስተያየት ይቻላል፤ ድምሩ ትርጉም የለውም፣ ግን አንድ ፎርም ተዘሎ ሌላው ሁለት ጊዜ ከገባ ብዛቱ ልክ ሆኖም ይህ ድምር ያጋልጠዋል። ስም፣ ቀንና ኮድ ለመሳሰሉት ከእሽጉ መሀል አንድ ወረቀት መዘሽ ከመጨረሻው ሳጥን ወደ መጀመሪያው እያነበብሽ አመሳክሪ።

ስህተት ስታገኚ እሱን አርመሽ ብቻ አትለፊ። የድካም ስህተት ብቻውን እምብዛም አይመጣም፤ አንዱ በተገኘበት እሽግ ውስጥ የቀሩትንም መስመር በመስመር እይ፣ ንጹሕ እስከሆነው የቀድሞ ፍተሻ ድረስ። ከዚያ የፈረቃውን ሰዓትና የስህተቱን ዓይነት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ «7ኛ ሰዓት፣ መገላበጥ»። አንድ ሳምንት ከጻፍሽ ከላይ የሰጠሁሽን ቁጥር በራስሽ ቁጥር ትቀይሪዋለሽ። ስህተቱ መብዛት የሚጀምረው በ6ኛው ሰዓት አጋማሽ ከሆነ በየ10ሩ መፈተሹ ከ6ኛው ሰዓት መጀመሪያ ይነሳ፤ ቀድሞ መገኘት ይሻላል።

«ደክሞኛል ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ግን ብዙ አያስተማምንም፤ ዳኛው ራሱ ደክሟል። ሰዓት እይ። በዚህ ፍጥነት 10 ፎርም 15 ደቂቃ ይወስዳል። 20 ከወሰደብሽ ድካሙ ገሃድ ነው። ያለ ምክንያት 11 ደቂቃ ላይ ካለቀ ግን ይበልጥ ተጠራጠሪ፤ የተዘለለ ሳጥን ሊኖር ይችላል።

ሁለት ተከታታይ እሽግ ስህተት ከወጣባቸው በየ5ቱ ልፈትሽ አትበይ። እዚያ ላይ ፍተሻውም ስህተት ማሳለፍ ጀምሯል። ከወንበር ተነስተሽ 10 ደቂቃ ያህል ከስክሪን ራቂ። ስትመለሺ ቀጣዩ እሽግም ካልጸዳ የቀሩትን ወረቀቶች ለነገ መጀመሪያ አቆይና ወረቀት መደርደርን የመሰለ ቁጥር የማይነካ ሥራ ያዢ። አለቃ ዛሬ ማለቅ አለበት ካለ እነዚያን እሽጎች ለይተሽ ምልክት አድርጊባቸውና ሌላ ሰው ያመሳክራቸው። የእጅ ጽሑፋቸው አስቸጋሪ የሆኑ ፎርሞች ካሉ ደግሞ ጠዋት ስትጀምሪ ከእሽጉ ለይተሽ አስቀድሚያቸው፤ ለመጨረሻ ሁለት ሰዓት በጥሩ የተጻፈው ይቆይ።